የመጀመሪያው የተረኝነት ሌሊት የሌለበት ቪዲዮ

ቪዲዮው ከሰማይ ይጀምራል። ድሮን በሆስፒታሉ ጣሪያ ላይ ያንዣብባል፤ ሙዚቃው ከፍ ይላል፤ ከዚያ ጎርነን ያለ የተራኪ ድምፅ ይገባል፦ «ሆስፒታላችን ከተቋቋመበት ጊዜ አንሥቶ እስከ 1.5 ሚሊዮን ለሚደርስ ሕዝብ ዘርፈ ብዙ የጤና አገልግሎት ተደራሽ በማድረግ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ራዕዩም...»። ራዕዩ ይነበባል፣ ተልዕኮው ይከተላል፣ ዕሴቶቹ አንድ በአንድ በስክሪኑ ላይ ይደረደራሉ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ከጠረጴዛቸው ኋላ ተቀምጠው ስለ አዲሱ ሕንፃ ይናገራሉ። ቀጥሎ የአልጋው ብዛት፣ የሲቲ ስካኑ መግባት፣ የባለድርሻ አካላት ድጋፍ ይመጣል። ተመራቂን የሚመለከተው ዓረፍተ ነገር የሚሰማው ስድስቱ ደቂቃ ሊያልቅ ሲል ነው፦ «ስለሆነም ብቁና ተነሳሽነት ያላቸው ወጣት ባለሙያዎች ተቋማችንን እንዲቀላቀሉ ጥሪያችንን እናቀርባለን።»

ይህ ጽሑፍ አዲስ ተመራቂዎችን ለመቅጠር የተዘጋጀ ነበር። እንደገና እንድጽፈው የተሰጠኝ አንድ የክልል ከተማ አጠቃላይ ሆስፒታል ነው። ስሙን አልጠራም፤ ብዙ ተቋማት በየዓመቱ ከሚያሠሩት ቪዲዮ የተለየ ነገር አላደረገምና። የሚፈልጓቸው አዋላጅ ነርሶች፣ ነርሶችና ጠቅላላ ሐኪሞች ነበሩ፤ ያውም ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጡ። የአመልካች እጥረት አልነበረባቸውም። ማስታወቂያ ሲለጠፍ የሰው ኃይል ቢሮው በር ላይ ሰልፍ አይጠፋም። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። የተቀጠሩት መጥተው፣ ጥቂት ወራት ሠርተው፣ የሥራ ልምድ ማስረጃ ጠይቀው ይሄዳሉ። ስለዚህ ከቪዲዮው የሚጠበቀው ብዙ ሰው መጥራት አልነበረም፤ የሚመጣው ሰው ወዴት እንደሚመጣ አውቆ እንዲመጣ ማድረግ ነበር።

የመጀመሪያው ጽሑፍ ለምን እንዲያ ሆነ? ጸሐፊው ሰነፍ ስለነበር አይደለም። እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ እንዴት እንደሚወለድ ማየት ይጠቅማል። የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያው እጁ ላይ ያለው ሰነድ ዓመታዊ ሪፖርቱ ነውና ከዚያ ይነሣል። ረቂቁ ወደ ሜዲካል ዳይሬክተሩ ይሄዳል፤ እሳቸው አዲስ የተከፈተውን ክፍል ያስገባሉ። ወደ ሥራ አስኪያጁ ይሄዳል፤ የሕንፃው ግንባታ ይጨመራል። ከዚያም ጤና ቢሮው ቅር እንዳይለው የቢሮው ድጋፍ በአንድ አንቀጽ ይመሰገናል። በየጠረጴዛው ይጨመርበታል እንጂ የሚቀንስለት የለም። ከረቂቅ እስከ ፊርማ ድረስ ጽሑፉን ያነበቡት ሁሉ አስተዳዳሪዎች ናቸው። ተመራቂው ቪዲዮውን የሚያየው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። በዚህ መንገድ የተጻፈ ነገር በጀት ለሚመድብ ሰው፣ ለቦርድ፣ ለጎብኚ እንግዳ ደኅና ሰነድ ይሆናል። የተሳሳተው የተላከለት ሰው ብቻ ነው።

ይህን በግልጽ የምታሳየው ያቺ የ1.5 ሚሊዮን ቁጥር ናት። በአገራችን የጤና ሥርዓት የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ለሚሆን ሕዝብ፣ አጠቃላይ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን፣ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ደግሞ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ለሚሆን ሕዝብ እንዲያገለግሉ ተደልድለዋል። ለአስተዳዳሪ ይህ ቁጥር መከራከሪያ ነው፤ «ይህን ያህል ሕዝብ እያገለገልን በጀታችን እንዴት ይህ ብቻ ይሆናል?» ይልበታል። ምሩቋ አዋላጅ ግን ስትሰማው የምታስበው ሌላ ነው። የዚያ ሁሉ ሕዝብ እናቶች ምጥ ሲጠናባቸው የሚላኩት ወደዚህ ግቢ ነው፤ ሌሊት ተረኛ የምትሆነው ደግሞ እሷ ናት። ቪዲዮው በኩራት የነገራት ቁጥር በውስጧ ስጋት ሆኖ ይቀመጣል። መልስ እንዳታገኝለትም ተራኪው ወደ ተልዕኮው አልፏል።

ከአዲሱ ጽሑፍ በፊት መደረግ የነበረበት ተመራቂዎቹን ማነጋገር ነው። እዚህ ላይ የጥያቄው አቀራረብ ብዙ ይወስናል። «ከሆስፒታል ምን ትጠብቃላችሁ?» ተብለው ሲጠየቁ የሚመልሱት ሁሉም የሚመልሰውን ነው፦ ጥሩ ደመወዝ፣ ምቹ የሥራ አካባቢ፣ የትምህርት ዕድል። ከዚህ አንድም ትዕይንት አይወጣም። ኢንተርን ሐኪሞችንና ሊመረቁ የተቃረቡ አዋላጆችን «ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻችሁን ተረኛ የምትሆኑበትን ሌሊት ስታስቡት የሚያስፈራችሁ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ግን ወንበራቸውን ያስጠጋቸዋል። አንዷ አዋላጅ ወዲያው መለሰች፦ «ወልዳ ደም አልቆም ያላት እናት። ማንን ነው የምጠራው? ስጠራውስ ስልኩን ያነሣል?» ሌላው ቤተ ሙከራው ሌሊት ክፍት መሆኑን፣ ደም መኖሩን፣ የቀዶ ሕክምና ክፍሉ በስንት ደቂቃ እንደሚከፈት ጠየቀ። አንዷ ሴት ሐኪም ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ከግቢው ወጥታ ቤቷ እንዴት እንደምትደርስ ማወቅ ፈለገች። የተረኝነት ክፍያ በየወሩ ይገባል ወይስ ይጠራቀማል? ስንት ዓመት ካገለገልኩ በኋላ ነው ለስፔሻሊቲ ለመወዳደር የሚፈቀድልኝ? ልልቀቅ ብል መልቀቂያ ትሰጡኛላችሁ? ስለ ሕንፃው የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ይህ የዛሬ ልጆች ጠባይ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊቷ የነርሲንግ ተመራማሪ ማርሊን ክሬመር በ1974 ባሳተመችው መጽሐፍ አዳዲስ ነርሶች ትምህርት ቤት በተማሩት ሙያና ዋርድ ውስጥ በሚገጥማቸው ኑሮ መካከል ያለው ርቀት እንዴት እንደሚያስደነግጣቸውና ከሙያው እስከ መውጣት እንደሚያደርሳቸው ጽፋ ነበር። የተመራቂ ፍርሃት ስም ካገኘ ሃምሳ ዓመት አልፎታል፤ የቅጥር ቪዲዮዎች ግን ዛሬም ስለሱ አንድ ቃል አይናገሩም።

ወደ ጽሑፉ እንምጣ። የቪዲዮ ጽሑፍ በሁለት ዓምድ ይጻፋል፤ በአንዱ የሚታየው፣ በሌላው የሚሰማው። የድሮውን ጽሑፍ አትሜ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ሥራ ብቻ ሠራሁበት። በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ድርጊቱን የሚፈጽመው ማን እንደሆነ አከበብኩ። «ሆስፒታሉ»፣ «ተቋማችን»፣ «አመራሩ» ገጹን ሞሉት። ተመራቂው የተገኘው በመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እሷም ውስጥ ቢሆን የሚደረገው ነገር «መቀላቀል» ብቻ ነው። አዲሱ ጽሑፍ ይህን ገልብጦ ተነሣ፦ ሥራውን የሚሠራው ወጣቱ ባለሙያ ይሆናል፤ ሆስፒታሉ የሚነሣው ለእሱ የሆነ ነገር ሲያደርግ ብቻ ነው።

የድሮኑ ትዕይንት ወጣ። አዲሱ የሚጀምረው በማዋለጃ ክፍሉ ኮሪደር፣ በሌሊት ነው። ተራኪ የለም። የምትናገረው እዚያው ሆስፒታል ሁለተኛ ዓመቷን የያዘች አዋላጅ ናት፦ «የመጀመሪያ ሌሊቴ ላይ አንዲት እናት ወልዳ ደሙ አልቆም አለ። ኦክሲቶሲን ሰጠሁ፣ ማሕፀኗን ማሸት ጀመርኩ፣ ሲኒየሯን ጥሩልኝ አልኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሲኒየሯ ስትደርስ ያለችኝ ‹ጥሩ ጀምረሻል፣ አታቁሚ› ነው።» በዚህ ጊዜ ምስሉ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የተረኛ መርሐ ግብር ያሳያል። ከእያንዳንዱ ጀማሪ ስም አጠገብ የሲኒየር ስምና «ተጠሪ» የሚል ዓምድ አለ። ካሜራው እዚያ ላይ ጥቂት ይቆያል። ይህ ሁሉ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም፤ ያቺ «ማንን ነው የምጠራው?» ያለችው ተመራቂ ግን መልሷን አግኝታለች።

የ1.5 ሚሊዮኑ ጉዳይ አልተጣለም። ቁጥሩ ቀርቶ ትርጉሙ ገባ፦ «እዚህ ሥራ ይበዛል። ከሩቅ ወረዳ የሚላክ ሁሉ ወደኛ ነው የሚመጣው። ሌሊቱን ሙሉ ሳትቀመጡ የምታነጉበት ቀን አለ። በስድስት ወር ውስጥ በመማሪያ መጽሐፍ ብቻ የምታውቁትን ብዙ ነገር በዓይናችሁ ታያላችሁ፤ ብቻችሁን ግን አታዩትም።» የሲቲ ስካኑም እንዲሁ። የድሮው ጽሑፍ «ዘመናዊ ሲቲ ስካን ገብቷል» ይል ነበር። አዲሱ «ሲቲ ስካኑ ቀን ይሠራል፤ ሌሊት ሲያስፈልግ ባለሙያው ከቤቱ ይጠራል» አለ። የመጀመሪያው ስለ ንብረት ነው። ሁለተኛው በሌሊት ራሱን የመታ ሕመምተኛ የደረሰው ጀማሪ ሐኪም ምን እንደሚያደርግ ይነግረዋል።

አንድ ለአማርኛ የተለየ ችግርም ነበር። ተመልካቹን ምን ብለን እንጥራው? «እርስዎ» ሲባል የደብዳቤ ወግ ይሆናል፤ ወጣቱ ከጠረጴዛ ማዶ የቆመ ባለጉዳይ ይመስላል። «አንተ» ካልን ሴቶቹን ገፋን፤ ከሚፈለጉት ደግሞ ብዙዎቹ አዋላጆችና ነርሶች ናቸው። «አንቺ» ካልን ተገላቢጦሹ። «እናንተ» ሁሉንም ይይዛል፤ ሲበዛ ግን የስብሰባ ንግግር ይሆናል። መፍትሔው ንግግሩን በተቻለ መጠን በባለሙያዎቹ አንደበት «እኔ» ብሎ ማስኬድ፣ «እናንተን» ደግሞ ሆስፒታሉ የሆነ ነገር ቃል ለሚገባባቸው ጥቂት ቦታዎች መቆጠብ ሆነ። እንዲህ ሲደረግ «እናንተ» የሚለው ቃል በተሰማ ቁጥር ክብደት ያለው ነገር ይከተላል።

ክርክሩ የመጣው እዚህ ነው። «ሥራ ይበዛል» የሚለውን ያየ አስተዳዳሪ «ጉድለታችንን ራሳችን እናውጅ?» ብሎ ቢቆጣ አያስደንቅም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው። ጆን ዋነስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1973 ባሳተመው ጥናት በአንድ የስልክ ኩባንያ ውስጥ ይህንኑ ሞክሮ ነበር፤ ያውም በቅጥር ፊልም። ለስልክ ኦፕሬተርነት ለሚቀጠሩ ሴቶች ሁለት ፊልም ተዘጋጀ። አንደኛው የተለመደው፣ ሁሉም ደስ ብሎት የሚሠራበት ፊልም ነው። ሁለተኛው የሥራውን መሰላቸትና የአለቆቹን ጥብቅ ቁጥጥር ጭምር ያሳያል። እውነቱን ያዩት ሥራውን እምቢ ብለው አልሸሹም። የጠበቁት ነገር ግን ልከኛ ነበር፤ ከገቡ በኋላም ልልቀቅ የሚል ሐሳብ ብዙ አላስቸገራቸውም። ከዚያ ወዲህ በብዙ ቦታ ጥናቱ ተደጋግሟል፤ ውጤቱ እውነት ቢሆንም መጠነኛ ሆኖ ተገኝቷል። እውነተኛ ፊልም ሰውን ተአምር በሆነ መንገድ አያቆይም። የሚያደርገው በመጀመሪያው ወር የሚመጣውን «ተታለልኩ» የሚል ስሜት መቀነስ ነው። ለዚህ ሆስፒታል ደግሞ የሚያስፈልገው ያው ነበር።

እንዲህ ዓይነቱን ጽሑፍ የማከብርበት ዋናው ምክንያት ሌላ ነው። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ለተመራቂው የተገባ ቃል አድርጋችሁ ስትጽፉ፣ ቃሉ ይጠበቅ እንደሆነ መጠየቅ ግድ ይሆናል። የሲኒየር ተጠሪ ነገር ሲጣራ መጀመሪያ ላይ በወረቀት ያልሰፈረ ልማድ ሆኖ ተገኘ። ደግ ሲኒየር የወጣላት ጀማሪ ትጠራለች፤ ያልወጣላት ስልክ ስትደውል ታድራለች። ያን ዓረፍተ ነገር በቪዲዮ ለማስገባት ሜትሮኗ ተጠሪዎቹን በተረኛ መርሐ ግብሩ ላይ በስም ማስፈር ነበረባቸው። አሰፈሩም። ቀረጻው የተደረገው መርሐ ግብሩ ተለጥፎ መሥራት ከጀመረ በኋላ ነው። የተረኝነት ክፍያው ግን እንደዚያ አልሆነም። «በየወሩ ይከፈላል» የሚል ዓረፍተ ነገር ተጽፎ ነበር፤ ፋይናንስ ክፍሉ ሲጠየቅ አንዳንዴ እንደሚዘገይ ተናገረ። ዓረፍተ ነገሩ ወጣ። በምትኩ «ያልተከፈለ ተረኝነት ሲኖር የምትጠይቁት ይህን ቢሮ ነው» ተብሎ ቢሮው ታየ። ደካማ ቃል ነው፤ ግን የሚጠበቅ ነው። የደመወዙ እስኬል በመንግሥት የተወሰነ ስለሆነና ተመራቂዎቹም ስለሚያውቁት ስለሱ ማስጌጫ ቃል መደርደር ማንንም አይጠቅምም፤ ልኩ በስክሪኑ ላይ ተጻፈና ታለፈ።

ስለ ቀረጻው ጥቂት ልበል፤ ጥሩ ጽሑፍ እዚህ ላይ ይበላሻልና። ለባለሙያዎቹ ተጽፎ የተሰጣቸውን መልስ እንዲያጠኑ ማድረግ ሁሉንም ወደ ተራኪው ድምፅ ይመልሳል። ጽሑፉ ውስጥ የነሱ ቦታ በጥያቄ ነው መሞላት ያለበት፦ «የመጀመሪያ ሌሊትሽን ንገሪኝ»፣ «መጀመሪያ ያልቻልሽውን አሁን ግን የምትችይውን አንድ ነገር አሳይኝ»። የተናገሩት ከተቀዳ በኋላ ተመርጦ ወደ ጽሑፉ ይገባል። አለቃቸው ክፍሉ ውስጥ ካለ አይሆንም። ያቺው አዋላጅ ኃላፊዋ በተቀመጡበት ስትናገር «ሆስፒታሉ ባመቻቸልን ዕድል» ብላ ነበር የጀመረችው። ስለ እጇ መንቀጥቀጥ የተናገረችው እሳቸው ከወጡ በኋላ ነው። ሕመምተኛን በተመለከተ ደግሞ አቋሜ ጥብቅ ነው። ምጥ ላይ ያለች እናት «ፈቅጃለሁ» ብትል እንኳ በዚያ ሰዓት የሰጠችው ፈቃድ ፈቃድ አይባልም። ስለዚህ የደም መፍሰሱ ታሪክ ይነገራል፤ የሚታየው ግን ኮሪደሩ፣ የመድኃኒቱ ጋሪ፣ መርሐ ግብሩና የተናጋሪዋ ፊት ነው። ታሪኩም የማንንም እናት ማንነት በማያሳውቅ መልኩ ተነግሯል።

ርዝመቱ ከስድስት ደቂቃ ወደ ሁለት ተኩል ወረደ። በአማርኛ ዘና ብሎ የሚነገር ንግግር በደቂቃ ከመቶ ቃል ብዙም አይዘልም፤ ቃሎቻችን ረጃጅም ናቸው። ስለዚህ ሙሉው ንግግር ከ250 ቃል ባይበልጥ ይመረጣል፤ ምስሉም መተንፈሻ ያገኛል። የንግግሩ ጽሑፍ ከሥር ይታያል፤ ብዙ ወጣት በቴሌግራም የደረሰውን ቪዲዮ ታክሲ ውስጥ ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚያየው።

ሥራ አስኪያጁስ? አልተባረሩም። የስድስት ደቂቃው ቪዲዮ ለቦርድና ለእንግዶች እንዲያገለግል ተቀመጠ፤ ለዚያ ይበቃል። በአዲሱ ውስጥ ደግሞ ከጠረጴዛቸው ተነሥተው በተረኛ ማረፊያው በር ላይ ቆሙ። የተናገሩት አንድ ነገር ነው፦ ለስፔሻሊቲ ለመወዳደር ስንት ዓመት አገልግሎት እንደሚጠየቅና ያን የጨረሰ ሰው ማመልከቻውን ለማን እንደሚያስገባ። ይህን ሊናገር የሚገባው ቃሉን የሚፈርመው ሰው ራሱ ነው። በሌላ ሰው አንደበት ቢነገር ወሬ ይሆን ነበር።

የማጽደቁም ቅደም ተከተል ተለወጠ። በፊት ሁሉም አለቃ በየተራ የሚጨምርበት ነበር። አሁን ሜዲካል ዳይሬክተሩ የሕክምናውን ትክክለኛነት ብቻ አዩ። ሁለተኛ ዓመታቸው ላይ ያሉ ጥቂት ሠራተኞች «ይህ በእኛ ላይ ደርሷል ወይ?» የሚለውን አዩ። ሥራ አስኪያጁ መጨረሻ ላይ የቀረበላቸው ጥያቄ «ይወዱታል?» አልነበረም፤ «ልንጠብቀው የማንችለው ቃል አለበት?» የሚል ነበር። ጥያቄው ሲጠብ የሚጨመረው ነገርም አብሮ ጠበበ።

ካሜራ ከመከራየት በፊት ጽሑፉ ተመራቂዎች ፊት ጮክ ተብሎ ተነበበ። «ወደዳችሁት?» ብሎ መጠየቅ ትርፉ ምስጋና ነው፤ እንግዳ ተቀባይነት ያሳደገው ሰው ፊት ለፊት አያሳፍርም። የሚሻለው «ይህን ላልሰማ ጓደኛህ በስልክ እንደምትነግረው አድርገህ ንገረኝ» ማለት ነው። የድሮው ሲነበብላቸው የነገሩን «ትልቅ ሕንፃ ያለው፣ ባለሙያ የሚፈልግ ሆስፒታል» ብለው ነው። የአዲሱን ግን «ሥራው ከባድ ነው፣ ግን ሌሊት የምትጠራው ሰው አለ» አሉ። አንድ አደገኛ ነገርም የተያዘው በዚሁ ነው። አንዷ «መኖሪያ ቤት ይሰጣሉ» ብላ ተረከች። እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር የትም አልነበረም። ከየት አመጣችው? ለመልክ ተብሎ በገባ ምስል ውስጥ የተነጠፈ አልጋ ተገልጾ ነበር፤ የተረኛ ማረፊያው። ያ ምስል እንዳለ ቢወጣ ኖሮ ቤት ተሰጥቶኛል ብሎ ሻንጣውን ይዞ የሚመጣ ሐኪም ይኖር ነበር፤ እውነት ብቻ ተናግሮም ማታለል ይቻላል ማለት ነው። በዚያ ምስል ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ተጨመረ፦ «ይህ የተረኛ ማረፊያ ነው፤ ቤት የምንከራየው በራሳችን ነው፣ አዲስ ለሚመጣ ቤት ፈላጊ ግን አብረን እንዞራለን።» የመጨረሻዋን ሐረግ የጨመሩት ራሳቸው ሠራተኞቹ ናቸው፤ የሚያደርጉት ነገር ስለነበረ።

ቪዲዮው መሥራቱን በተመልካች ብዛት ማወቅ አይቻልም። ቢወደድ ባይወደድ ለሆስፒታሉ የሚነግረው ነገር ትንሽ ነው። የሰው ኃይል ክፍሉ እንዲያደርግ የተስማማው ቀላል ነገር አለ። አዲስ የተቀጠረ ባለሙያ ስድስት ወር ሲሞላው ቪዲዮው እንደገና ይታይለትና አንድ ጥያቄ ይጠየቃል፦ «ከዚህ ውስጥ ሐሰት ሆኖ ያገኘኸው የቱን ነው?» የሚጠቁመው ትዕይንት ወይ ከቪዲዮው ይወጣል፣ ወይ ሆስፒታሉ ውስጥ ይስተካከላል።